ስልጠና ሰጥታችሁ ኳዚ ኤክስፐርመንታል ለሠራችሁ ነርሶች፦ ቻፕተር ሦስት (ሜተድ) እንዴት እንደሚጻፍ ደረጃ በደረጃ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ሆናችሁ የመመረቂያ ቴሲስ የምትጽፉ ነርሶች ሜተዳችሁ በቀይ ተሞልቶ የሚመለስበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። ከሲኒየር የተቀበላችሁት ሶፍት ኮፒ የክሮስ ሴክሽናል ጥናት ነው። እናንተ ግን የሠራችሁት ስልጠና ሰጥቶ በፊትና በኋላ መለካት ነው። ርዕሶቹን እንዳሉ ይዛችሁ ውስጡን ስትሞሉት ስልጠናው ራሱ ሁለት መስመር ሆኖ ይቀራል፣ ሳምፕል ሳይዙ 422 ይሆናል፣ አናሊሲሱ ላይ ደግሞ ባይቫሪየት መልቲቫሪየት ሎጂስቲክ ሪግሬሽን ተብሎ ይለጠፋል። ከዛ ዲፌንስ ላይ "ለውጡ በስልጠናው መምጣቱን በምን አወቅሽ?" ስትባሉ ቻፕተሩ ውስጥ መልስ የለም።

ስለዚ የምትጽፉትን እያንዳንዱን ክፍል በዚች ጥያቄ እየለካችሁ ጻፉት።

እስከ መጨረሻው አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ፣ ለማሳያ የፈጠርኩት ነው። ደሴ ባለ አንድ ሆስፒታል ለዋርድ ነርሶች ስለ አልጋ ቁስል መከላከል ስልጠና ተሰጠ፣ ኮምቦልቻ ያለ ሌላ ሆስፒታል ደግሞ ኮንትሮል ሆነ። ዕውቀታቸው በ20 ጥያቄ ከስልጠናው በፊትና ከ8 ሳምንት በኋላ ተለካ። ቴሲሱ በእንግሊዝኛ ነው የሚጻፈው፣ እኔ እዚህ የማስቀምጠው ዓረፍተ ነገሩ ምን መያዝ እንዳለበት ነው።

ደረጃ 1፦ ከመጻፋችሁ በፊት የቀን መስመር አውጡ

ኮምፒውተር አትክፈቱ ገና። የኤቲክስ ደብዳቤውን፣ ሆስፒታሎቹ የፈቀዱበትን ደብዳቤ፣ የስልጠናውን አቴንዳንስ፣ ስላይዱን፣ የተሞሉትን ወረቀቶችና የጸደቀውን ፕሮፖዛል ሰብስቡና አንድ ወረቀት ላይ ሁለት መስመር አስምሩ፣ ላይኛው ደሴ ታችኛው ኮምቦልቻ። ከዛ በየቀኑ ምን እንደሆነ ሙሉበት። የኛ ምሳሌ ላይ እንዲህ ይሆናል፦ ኅዳር ሁለተኛ ሳምንት ሁለቱም ጋ ቤዝላይን ተለካ፣ ከኅዳር 15 እስከ 28 ደሴ ላይ ብቻ ስልጠና ተሰጠ፣ ጥር መጨረሻ ሁለቱም ጋ ድጋሚ ተለካ፣ የካቲት ላይ ኮምቦልቻዎቹ ስልጠናውን አገኙ።

ይሄን ስትሠሩ ሦስት ነገር ይታያችኋል። አንደኛ፣ ሁለቱ ሆስፒታሎች የተለኩት በአንድ ሰሞን መሆኑ። ደሴ በኅዳር ኮምቦልቻ በታኅሣሥ ከተለካ ችግር ነው፣ መጻፍ አለበት። ሁለተኛ፣ ማን መሃል ላይ ፈቃድ እንደወጣ፣ ምክንያቱም ገናና ጥምቀት እዛው መሃል ነው ያሉት። ሦስተኛ፣ የኤቲክስ ፈቃዱ ቀን ከመጀመሪያው ልኬት በፊት መሆኑ።

ማስጠንቀቂያ፦ ዳታ የሰበሰባችሁት ከኤቲክስ ደብዳቤው ቀን በፊት ሆኖ ከተገኘ ቀኑን አትነካኩት። ቻፕተሩ ውስጥ ቀን በማስተካከል የሚፈታ ነገር አይደለም፣ አድቫይዘራችሁን ይዛችሁ ኮሚቴው ጋ ሂዱ።

ወደ ፈረንጅ ቀን ስትቀይሩ ደግሞ በግምት አትደምሩ። መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 አይደለም፣ አንዳንድ ዓመት 12 ላይ ይውላል፣ የዓመቱም ቁጥር ታኅሣሥ 22 ወይ 23 ላይ ይቀየራል። ኅዳርና ጥርን በአንድ የፈረንጅ ዓመት የጻፈ ቴሲስ ስልጠናው ሳይሰጥ ውጤቱ የተለካ ያስመስላል። ካሌንደር አውጥታችሁ አንድ በአንድ ተመልከቱ።

ደረጃ 2፦ ዲዛይኑን በስሙ ጥሩ፣ ለምን እንደመረጣችሁትም ጻፉ

"ኳዚ ኤክስፐርመንታል ዲዛይን ተጠቅመናል" አይበቃም፣ ብዙ ዓይነት አለው። የኛ ምሳሌ ሙሉ ስሙ ኮንትሮል ግሩፕ ያለው፣ ግሩፖቹ በዕጣ ያልተመደቡ፣ በፊትና በኋላ የሚለካ ነው። በጽሑፍ ከገለጻችሁ በኋላ ይቺን ሥዕል አስገቡ፦

```
ደሴ         O1    X    O2
ኮምቦልቻ     O3         O4
```

O ልኬት ነው፣ X ስልጠናው ነው።

ቀጥሎ ለምን ራንደማይዝ እንዳላደረጋችሁ። "በጊዜ እጥረት" አትበሉ። ትክክለኛው ምክንያት አንድ ዋርድ ውስጥ ያሉ ነርሶች ሽፍት ይቀባበላሉ፣ ሃንድኦቨር ላይ ያወራሉ፣ ግማሾቹን ብታሠለጥኑ ግማሾቹ ሻይ ላይ ሆነው ይሰሙታል፣ ስለዚ ግሩፑ በሆስፒታል ተለየ ነው። ደሴ ለምን ስልጠናውን እንዳገኘና ኮምቦልቻ ለምን እንዳላገኘም በግልጽ ጻፉ። ለናንተ ስለቀረበ ከሆነ ስለቀረበ በሉ። ሳንቲም ጥላችሁም ከሆነ ጻፉት፣ ግን ሁለት ሆስፒታል መሃል ሳንቲም መጣል ጥናቱን ራንደማይዝድ ትራያል አያደርገውም።

እዚህ ጋ አንድ የሚምታታ ነገር አለ። ከስም ዝርዝር ላይ 40 ነርስ በዕጣ ማውጣት ራንደም ሴሌክሽን ነው። ማን ስልጠና ያግኝ ማን አያግኝ የሚለውን በዕጣ መወሰን ደግሞ ራንደም አሳይንመንት ነው። የመጀመሪያውን አድርጋችሁ "ራንደማይዝ አድርገናል" ካላችሁ ኤግዛሚነሩ እዛው ይይዛችኋል።

ኮንትሮል ግሩፕ ከሌላችሁስ? አሁን ፈልጋችሁ አትጨምሩ። የአንድ ግሩፕ በፊትና በኋላ ልኬት ብላችሁ ጻፉ፣ ከዛ ያለ ስልጠናውም ለውጥ ሊያመጡ የሚችሉትን ነገሮች ዘርዝሩ፦ በመሃል ሌላ ስልጠና መኖሩ፣ ያንኑ ፈተና ሁለት ጊዜ መፈተን፣ መጀመሪያ በጣም ዝቅ ያለ ያመጣ ሰው ሁለተኛ ላይ በራሱ ወደ መሃል መጠጋቱ። ደካማነቱን ያወቀ ቻፕተር ያልፋል፣ የደበቀ ነው የሚወድቀው።

ደረጃ 3፦ ስልጠናውን ሌላ ሰው ደግሞ ሊሰጠው እስኪችል ጻፉት

ይሄ ነው ትልቁ ክፍል፣ እና ብዙ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር የሚጽፍበት። "ለነርሶቹ ስለ አልጋ ቁስል መከላከል ስልጠና ተሰጠ" ይላል፣ በቃ። የስንት ሰዓት ነው? ማን ሰጠው? ምን ተባለ? ማን ቀረ? የኢንተርቬንሽን አገላለጽ ላይ ታይደር የሚባል 12 ነጥብ ያለው ቼክሊስት አለ፣ በ2014 የወጣ ነው፣ አውርዳችሁ አጠገባችሁ አስቀምጡት። ጠቅላላ ሪፖርቱ ላይ ደግሞ ራንደማይዝ ላልሆኑ ጥናቶች ትሬንድ የሚባለው አለ።

በዚህ ቅደም ተከተል ጻፉ።

1. ይዘቱን በክፍለ ጊዜ ከፋፍሉ። ለምሳሌ፦ ስልጠናው እያንዳንዳቸው 2 ሰዓት የሆኑ ሁለት ክፍለ ጊዜዎች ነበሩት። በመጀመሪያው የአልጋ ቁስል መነሻ፣ ከ1 እስከ 4 ያሉት ስቴጆች፣ ቆዳ እንዴት እንደሚታይና የብሬደን ስኬል አሞላል ተሸፈነ። በሁለተኛው ታካሚን ማገላበጥ፣ ተረከዝን ከፍራሽ ማንሳት፣ እርጥበትና ምግብ ከታዩ በኋላ እያንዳንዱ ነርስ በሦስት የታካሚ ታሪክ ላይ ብሬደን ሞላ፣ መልሱም በግሩፕ ታረመ። (ብሬደን ስድስት ክፍል አለው፣ ድምሩ ከ6 እስከ 23 ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ነው አደጋው የሚጨምረው። ስላይዳችሁ ላይ ተገልብጦ ከሆነ አሁኑኑ እዩት፣ ፈተናው ላይም ተገልብጦ ሊሆን ይችላል።)

2. አሰጣጡን ጻፉ። ዋርድ ባዶ እንዳይሆን 40ው ነርስ በ20 በ20 ሁለት ዙር ተከፍሎ እንደወሰደ፣ የት አዳራሽ እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት፣ ሌሊት ያደሩ ነርሶች ጠዋት ሽፍት ጨርሰው ገብተው እንደሆነ። የመጨረሻዋ ትንሽ ትመስላለች፣ ግን አድሮ የመጣ ሰው ምን ያህል ሰምቷል የሚለው ጥያቄ ይመጣል።

3. አሠልጣኙን ግለጹ። ስም አይደለም፣ የትምህርት ደረጃና የሥራ ልምድ ነው የሚፈለገው። ሁለቱንም ዙር አንድ ሰው ነው የሰጠው ወይስ ሁለት? ሁለት ከሆኑ አንድ ዓይነት ነገር ማስተማራቸውን በምን አረጋገጣችሁ? ለምሳሌ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የይዘት ቼክሊስት ላይ ቲክ አድርጎ ከሆነ ይጻፍ፣ ወረቀቱም አፔንዲክስ ይግባ። አሠልጣኟ ራሷ ተመራማሪዋ ከሆነችና ፈተናውንም እሷው ያረመች ከሆነ አትደብቁት፣ መልሱ በቁልፍ የሚታረም ምርጫ መሆኑን ጨምሩበት።

4. ማን እንደተገኘ በቁጥር። 40 ተመዝግበው 37 ሁለቱንም፣ 3 አንዱን ብቻ ወስደው ከሆነ የሚቆጠርበትን ደንብ እዚህ፣ ቁጥሩን ሪዛልት ላይ አስቀምጡ። አንዱን ብቻ የወሰዱትን ከአናሊሲስ አታውጡ፣ በተመደቡበት ግሩፕ ይቆጠሩ። ትጉሆቹን ብቻ ካስቀራችሁ የለካችሁት ስልጠናውን ሳይሆን ትጋትን ነው።

5. ኮንትሮሉ ምን አገኘ። "ምንም" ብላችሁ አትለፉት፣ የተለመደው ሥራቸው ምን እንደሚመስል ጻፉ፦ የተለመደ የጠዋት ሚቲንግ አለ፣ ስለ አልጋ ቁስል የተለየ ስልጠና የለም፣ ምናምን።

6. መረጃው እንዳይሻገር ምን አደረጋችሁ። ደሴና ኮምቦልቻ መሃል ያለው 25 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ ሚኒባስ ቀኑን ሙሉ ይመላለሳል፣ ደሴ እያደረ ኮምቦልቻ የሚሠራ ነርስ አለ፣ ሁለቱም ከተማ የግል ክሊኒክ ተደርቦ ይሠራል። ከመንገዱም በላይ ቴሌግራም አለ። ስላይዱ በፒዲኤፍ ግሩፕ ላይ ከተለቀቀ ኮንትሮላችሁ የዛን ቀን ማታ አንብቦታል። ስለዚ ስላይድ በሶፍት ኮፒ እንዳልተሰጠ፣ ሁለቱም ጋ የሚሠሩ እንዳልተካተቱ፣ በመጨረሻው መጠይቅ ላይም "ባለፉት 8 ሳምንታት ስለ አልጋ ቁስል ከየትም ስልጠና ወይም ማንበቢያ አግኝተዋል?" የሚል ጥያቄ እንደነበረ ጻፉ። ጥያቄውን ሳትጠይቁ ከሆነ የሰበሰባችሁት አሁን አትፍጠሩት፣ ሊሚቴሽን ላይ ይግባ።

ደረጃ 4፦ ተሳታፊዎችና ሳምፕል ሳይዝ

422 የሚለውን ቁጥር ሰርዙ። እሱ የሚመጣው የአንድ ፖፑሌሽን ፕሮፖርሽን ፎርሙላ ላይ 50 ፐርሰንት፣ 5 ፐርሰንት ማርጂን አስገብታችሁ 384 አግኝታችሁ 10 ፐርሰንት ስትጨምሩ ነው። ያ ፎርሙላ አንድን ቁጥር ለመገመት ነው፣ ሁለት ግሩፕን ለማወዳደር አይደለም። የናንተ ውጤት ከ20 የሚታሰብ አማካይ ነጥብ ስለሆነ ሁለት አማካይ የሚያወዳድረውን ነው የምትጠቀሙት፦

```
n = 2 × (1.96 + 0.84)² × SD² / d²
n = 2 × 7.84 × 3² / 2² = 35.28 → 36
36 / 0.90 = 40
```

1.96 የ95 ፐርሰንት ኮንፊደንስ፣ 0.84 የ80 ፐርሰንት ፓወር ነው። SD የነጥቡ መበታተን ነው፣ 3 ያልነው ከየት እንደመጣ ጻፉ፣ ከናንተ ጋ ከሚመሳሰል ጥናት ወይ ከፓይለት። d ደግሞ ቢያንስ ስንት ነጥብ ልዩነት ቢመጣ ስልጠናው ይጠቅማል ትላላችሁ የሚለው ነው፣ እኛ ከ20 ላይ 2 ብለናል። ይሄ ቁጥር የናንተ ውሳኔ ነው፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ምክንያት ስጡበት። 36 በየግሩፑ ነው፣ 10 ፐርሰንት ይቀራል ብለን 40፣ በድምሩ 80። በ1.1 ማባዛትና በ0.90 ማካፈል አንድ አይደለም፣ ትክክሉ ማካፈሉ ነው።

ከዛ 40ው እንዴት እንደተመረጡ። ማትሮኗ ጋ ካለው የነርስ ዝርዝር መስፈርቱን የሚያሟሉት 58 ከሆኑ በዕጣ 40 ወጣ፣ 43 ብቻ ከሆኑ ሁሉንም መውሰድ ይሻላል። መስፈርቱን አጭር አድርጉ፦ አዋቂ ታካሚ የሚተኛበት ዋርድ ላይ ቢያንስ 6 ወር የሠራ ይግባ፣ በጥናቱ ጊዜ የወሊድ ወይ የዓመት ፈቃድ የያዘ፣ ባለፉት 6 ወራት ተመሳሳይ ስልጠና የወሰደ ይውጣ። "ፈቃደኛ ያልሆነ" መውጫ መስፈርት አይደለም፣ እሱ እምቢ ያለ ነው፣ ቁጥሩ ሪዛልት ላይ ይነገራል።

ፕሮፖዛሉ በ422 ፎርሙላ ጸድቆ ዳታውም ተሰብስቦ ከሆነ? አድቫይዘሩን አማክራችሁ በፕሮፖዛሉ ምን እንደተሰላ፣ በተግባር ስንት ሰው እንደተገኘና ያ ቁጥር የስንት ነጥብ ልዩነት ለማየት እንደሚበቃ ጻፉ። ያገኛችሁትን ውጤት መልሳችሁ ፎርሙላው ውስጥ ከትታችሁ "ፓወራችን 95 ፐርሰንት ነው" አትበሉ፣ ምንም አዲስ ነገር የማይነግር ስሌት ነው።

ደረጃ 5፦ መለኪያውና ኮዱ

መጀመሪያ አንድ ቃል አስተካክሉ። እኛ ጋ ፕሪቴስት ሲባል አንዴ መጠይቁን ሌላ ቦታ መሞከር ነው፣ አንዴ ከስልጠናው በፊት ያለው ልኬት ነው። አንድ ቻፕተር ውስጥ ሁለቱም ካሉ አንባቢው ይጠፋበታል። ሙከራውን ፓይለት፣ የመጀመሪያውን ልኬት ቤዝላይን በሉና እስከ መጨረሻው በዛው ቀጥሉ።

ስለ መጠይቁ ይሄን ጻፉ፦ ጥያቄዎቹ ከየት ተወሰዱ፣ ማን ገመገማቸው፣ የት ተሞከሩ። ፓይለቱ ከሁለቱም ሆስፒታሎች ውጪ መሆን አለበት፣ ለምሳሌ ቦሩ ሜዳ። ትክክል 1 ስህተት 0 የሚታረም ከሆነ የሚጻፈው መለኪያ ኬአር 20 ነው። ኤስፒኤስኤስ ላይ ክሮንባክ አልፋ ብላችሁ ብታወጡም 0 እና 1 ላይ ቁጥሩ ያው ነው፣ ስሙን ብቻ በትክክል ጻፉ። ሁለተኛው ልኬት ላይ ያው ጥያቄ ተራው ተቀያይሮ ቀርቦ ከሆነና ከቤዝላይን በኋላ መልስ ካልተነገራቸው እሱም ይጻፍ።

አሁን ወደ ኮዱ፣ ብዙ ቴሲስ የሚሞተው እዚህ ነው። ስም አይጻፍም ትላላችሁ፣ ልክ ነው፣ ግን የአንድን ነርስ ቤዝላይን ከራሷ ሁለተኛ ወረቀት ጋ የሚያገናኝ ነገር ከሌለ ጥናታችሁ በፊትና በኋላ ሳይሆን ሁለት የተለያየ ክምር ነው። የተለመደው ዘዴ ነርሷ ራሷ ኮድ እንድትሠራ ነው፦ የእናት ስም የመጀመሪያ ፊደል፣ የተወለደችበት ወር፣ የስልኳ የመጨረሻ ሁለት ቁጥር። አንዷ ኅዳር ላይ "ኂ-04-37" ጽፋ ጥር ላይ "ሂ-04-37" ትጽፋለች፣ እናቷ ያው ሂሩት ናቸው። ኮምፒውተሩ ግን ሁለት ሰው ያደርጋታል፣ እናንተም አንድ ሰው ጠፋ ትላላችሁ። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዛው። ዳታ ስታጸዱ እነዚህን ወደ አንድ ፊደል ቀይሩና ድጋሚ አገናኙ፣ ቻፕተሩ ላይም ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደሎች እንደ አንድ እንደተቆጠሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ገና ዳታ ያልሰበሰባችሁ ደግሞ ፊደሉን ተዉትና በስልክ ቁጥሩ የመጨረሻ ሦስት አሃዝና በወሩ ሥሩት።

ኮድ ጭራሽ ካልነበረስ? በእጅ ጽሑፍ ወይ በዕድሜና በሥራ ልምድ እየገመታችሁ ወረቀት አታጋቡ። ሁለቱን ጊዜ እንደ ተለያዩ ግሩፖች የሚያይ አናሊሲስ ተጠቅማችሁ ለምን እንደሆነ ጻፉ፣ ውጤቱ ደከም ይላል ግን እውነት ነው።

ደረጃ 6፦ አናሊሲሱ ልዩነቱን ያወዳድር

በጣም የሚደጋገመው ስህተት፦ ደሴ ላይ ፔርድ ቲ ቴስት ተሠራ፣ ፒ ቫልዩ ከ0.05 በታች። ኮምቦልቻ ላይ ተሠራ፣ ከ0.05 በላይ። "ስለዚህ ስልጠናው ውጤታማ ነው" ተባለ። አይሠራም፣ ምክንያቱም ሁለቱ ግሩፖች እርስ በርስ ገና አልተወዳደሩም።

በምሳሌ እንየው። ደሴ ከ10.4 ወደ 15.1 ሄደ፣ 4.7 ጨመረ። ኮምቦልቻ ከ11.2 ወደ 12.6፣ ያለ ስልጠና 1.4 ጨመረ። ፈተናውን ደግሞ በማየት ወይ በሌላ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ለስልጠናው ልትሰጡት የምትችሉት 4.7ቱን ሙሉ ሳይሆን ልዩነቱን 3.3ቱን ነው። ቻፕተራችሁ ይሄን 3.3 ከነ ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ የሚያወጣ አናሊሲስ መጥቀስ አለበት።

ሁለት መንገድ አለ። አንዱ የእያንዳንዱን ነርስ ጭማሪ አስልቶ የሁለቱን ግሩፕ ጭማሪ ማወዳደር ነው። ሌላው አንኮቫ ነው፣ የኋለኛውን ነጥብ ቤዝላይኑን ይዞ ማወዳደር። ግሩፖቹ በዕጣ ስላልተመደቡ ሁለቱ የተለያየ ቁጥር ሊሰጡ ይችላሉ፣ ስለዚ ፕሮፖዛሉ ላይ የጻፋችሁትን ዋና አድርጉ፣ ሌላውን ማረጋገጫ። ሁለቱንም ሞክሮ ያማረውን መምረጥ የለም። በኤስፒኤስኤስ አንድ ነርስ አንድ ረድፍ ሆና እንዲህ ነው፦

```
UNIANOVA post BY group WITH pre
  /PRINT=PARAMETER
  /DESIGN=pre group.
```

ከዚህ በፊት `/DESIGN=pre group pre*group.` ብላችሁ አንዴ ሩጡት። የ pre*group መስመር ሲግኒፊካንት ከሆነች የስልጠናው ጥቅም እንደ ቤዝላይኑ ይለያያል ማለት ነው፣ አንኮቫውን በደፈናው መጠቀም አይቻልም፣ ዝቅተኛና ከፍተኛ ቤዝላይን ላላቸው ለየብቻ ግለጹ። የኖርማሊቲ ምርመራም በሬዚጁዋሉ ላይ እንጂ በጥሬው ነጥብ ላይ እንዳልሆነ አስታውሱ።

ዕድሜ፣ የሥራ ልምድና የትምህርት ደረጃ በሁለቱ ግሩፕ ከተራራቁ ሞዴሉ ውስጥ እንደሚገቡ ጻፉ። በየግሩፑ 40 ሰው ላይ ግን አሥር ቫሪያብል አትጨምሩ፣ ሁለት ሦስት ይበቃል። ሁለተኛው ልኬት ላይ የጠፉት ቤዝላይናቸው ከቀሩት ጋ እንደሚወዳደርም ጨምሩ።

ምንም ብታደርጉ የማትፈቱት አንድ ነገር አለ። በየግሩፑ ያለው ሆስፒታል አንድ ብቻ ነው፣ ስለዚ የስልጠናውን ውጤትና የሆስፒታሉን ጠባይ ሙሉ ለሙሉ መለየት አይቻልም። ዲዛይን ኢፌክት ምናምን ብላችሁ ፎርሙላ አታስገቡበት፣ ከአንድ አንድ ሆስፒታል አይሰላም። በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊሚቴሽን አድርጋችሁ እለፉ።

ደረጃ 7፦ ቦታና ኤቲክስ፣ አጠር አድርጉ

ደሴ ከአዲስ አበባ 401 ኪሎ ሜትር ናት የሚለውን አንዴ ጻፉና ተዉት። ለአንባቢው የሚጠቅመው ሁለቱ ሆስፒታሎች ምን ያህል ይመሳሰላሉ ነው፦ የዋርድ ብዛት፣ የነርስ ብዛት፣ አንድ ነርስ በሽፍት ስንት ታካሚ እንደሚይዝ።

ኤቲክሱ ላይ የፈቃድ ቁጥርና ቀን ከማስቀመጥ አልፋችሁ ሁለት ነገር መልሱ። ነርሶቹን የጠራቸው አለቃቸው ከሆነ እምቢ ማለት እንደሚችሉ እንዴት ተነገራቸው፣ ነጥባቸውስ ለአለቃ እንደማይደርስ ምን ዋስትና ነበር? ሁለተኛው ኮንትሮሎቹ ስልጠናውን ከመጨረሻው ልኬት በኋላ ማግኘታቸው ነው። ቃል ብቻ ገብታችሁ ከሆነ "ተሰጠ" አትበሉ፣ ሂዱና ስጡ።

ደረጃ 8፦ "ይደረጋል"ን ወደ "ተደረገ" ስትቀይሩ

ፋይንድ ኤንድ ሪፕሌስ አትጠቀሙ። ፕሮፖዛሉ "ሁለት ዳታ ሰብሳቢ ይመደባል" ካለና የሄደው አንድ ከሆነ በሪፕሌስ "ሁለት ተመደበ" የሚል ውሸት ትጽፋላችሁ። ዓረፍተ ነገሩን ከቀን መስመሩ ጋ አንድ በአንድ አስተያዩ። የተለወጠ ካለ መጨረሻ ላይ "ከፕሮፖዛሉ የተለወጡ" የሚል ንዑስ ርዕስ አውጡና ምን፣ መቼ፣ ለምን ብላችሁ ጻፉ።

በተለይ እነዚህ ከገጠሟችሁ፦

ሁለተኛው ልኬት ከ8 ሳምንት ወደ 11 ከተገፋ፣ ሁለቱም ጋ እኩል ተገፍቶ እንደሆነ ጻፉ። አንዱ ጋ ብቻ ከሆነ የቆየው ግሩፕ ለመርሳት የበለጠ ጊዜ ነበረው፣ ያ ውጤቱን ወደ የትኛው ወገን እንደሚስብ ተናገሩ።

ነርስ ከኮንትሮሉ ሆስፒታል ወደ ስልጠናው ሆስፒታል ከተዛወረ፣ ቤዝላይን በተለካበት ግሩፕ ይቆጠር።

ኮንትሮሉ ሆስፒታል ውስጥ በመሃል አንድ ድርጅት መጥቶ ስለ ቁስል እንክብካቤ ስልጠና ከሰጠ፣ ይሄ ከሁሉ የከፋው ነው። ቀኑን፣ የስንት ሰዓት እንደነበረና ከ40ው ስንቱ እንደተካፈለ ከሆስፒታሉ ጠይቃችሁ ጻፉ። ዋናውን አናሊሲስ ሁሉም ባሉበት ሥሩት፣ ቀጥሎ የተካፈሉትን አውጥታችሁ ድጋሚ ሥሩና ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጡ። የሁለተኛው ልዩነት ከፍ ካለ ኮንትሮሉ ትንሽ ስልጠና አግኝቶ ነው ማለት ትችላላችሁ፣ ማለት የምትችሉት ግን እስከዛ ብቻ ነው፣ ምክንያቱም የተካፈሉት ከመጀመሪያውም ከሌሎቹ የተለዩ ሊሆኑ ይችላሉ።